በስሟ የተከፈተው ሂሳብ

«በሚጢ ስም ይከፈታላ። ምን ችግር አለው?» ሲል ሚጢ የእህቷን ባል የሰማችው ኮሪደሩ ላይ ካለው ቧንቧ ጎንበስ ብላ ፊቷን ስትታጠብ ነው። የእህቷን መኝታ ክፍል ከኮሪደሩ የሚለየው የኮምፔንሳቶ ግድግዳ ብቻ ስለሆነ በዚያ ቤት ሚስጥር ያለው ሰው ወይ ውጭ ወጥቶ ያወራል፣ ወይ ደግሞ እንደ እህቷ ባል ማን ሰማኝ ሳይል እንደልቡ ይናገራል። ውሃውን ዘጋችው። «የእኔን ሂሳብ አግደውታል፣ ያንቺን ደግሞ ባልና ሚስት ናቸው ብለው ነገ ያግዱታል» አለ ሰውዬው፤ «እሷን ማን ያውቃታል? መታወቂያ አላት፣ ዕድሜዋ ደርሷል፣ ዕዳ የለባት፣ ክስ የለባት። ንጹሕ ናት።» ሕፃኗ ጡጦዋን ስትጠባ ይሰማል። «ትጠየቅበታለች እንዴ?» አለች እህቷ። «ማን ይጠይቃታል?» አለና አልጋውን ሲጥጥ አድርጎ ተነሣ። ሚጢ በእርጥብ ፊቷ ወደ ኩሽና ገባች። ሻይ መጣድ ነበረባት።

ቁርስ ላይ የእህቷ ባል ዳቦውን ራሱ ቆርሶ ሰጣት። እንዲህ አድርጎ አያውቅም። «ዛሬ ሰው ላደርግሽ ነው» አላት፤ «የባንክ ደብተር፣ ካርድ፣ ምን የመሰለ ነገር። የእኔ ሚስት እንኳ ካርድ የላትም።» ከገጠር ትምህርቷን ጨርሳ ወደዚህ ቤት የመጣችው ሥራ ይፈለግልሻል ተብላ ነበር። የተፈለገላት ሥራ ግን የእህቷን ልጅ ማዘል፣ ልብስ ማጠብና በር መክፈት ሆነ። ደመወዝ የሚባል ነገር ተነሥቶ አያውቅም፤ ሳሙናና የፀጉር ቅባት ሲያልቅባት ለእህቷ ትናገራለች፣ እህቷ ለባሏ ትናገራለች፣ እሱ ደግሞ ባለፈው ወር አልገዛንም ወይ ይላል። ስለዚህ ካርድ የሚለውን ቃል ስትሰማ፣ ከግድግዳው ማዶ የሰማችውን ሁሉ ሰምታ እንኳ፣ ውስጧ ትንሽ ደስ አለው። በዚህም አፈረች። እህቷ የራሷን ቡኒ ቀሚስ ተኩሳ ሰጠቻት፤ ኮሌታውን ስታስተካክልላት ዓይኗን ከኮሌታው ላይ አላነሣችም። ሚጢ «እትዬ» ብላ ጀመረች። እህቷ ግን «ክር አለበት፣ አትንቀሳቀሺ» አለችና በጥርሷ በጠሰችው።

ሰውዬው የቤት ደላላ ነው። ሁለት ስልክና በቀለበት የታሰሩ ብዙ ቁልፎች ይዞ ይዞራል። ቁልፎቹ የየትኞቹ በሮች እንደሆኑ ሚጢ አታውቅም፤ ሲራመድ ግን ከሩቅ ይሰማሉ። ታክሲ ውስጥ ከጎኗ ተቀምጦ ባንክ ስትደርስ የምትለውን አስጠናት። ምን ትሠሪያለሽ ካሉሽ ንግድ በይ። ገንዘቡ ከየት ይመጣል ካሉሽ ከቤት ኪራይ ኮሚሽን በይ። ከዚያ ሌላ ከጠየቁሽ እኔ እመልሳለሁ። «ጋሼ፣ እኔ እኮ ነግጄ አላውቅም» አለችው ቀስ ብላ። «ማንስ ነግዶ ተወልዷል?» አለና ሳቀ፤ ከፊት ወንበር የተቀመጡት ሴትዮም አብረው ሳቁ። የሁለታቸውንም ሂሳብ ከፈለ፤ ከዚያ መልሱን ሲቆጥር ረዳቱ አንዲት ሳንቲም አጉድሎብኛል ብሎ እስኪወርዱ ድረስ ተጨቃጨቀ።

ባንኩ ውስጥ ቀዝቀዝ ይላል፤ አዲስ ምንጣፍና የቀለም ሽታ አለው። በሩ ላይ ጥበቃው ቦርሳዋን ፈትሾ የወረፋ ቁጥር ሰጣት፤ ደላላው ከእጇ ወሰደው። የተጠሩት በመስታወት ከተከለሉት ገንዘብ ያዦች ጋ ሳይሆን ግልጽ ጠረጴዛ ወዳላት የደንበኞች አገልግሎት ሠራተኛ ነበር። ሁለት ወንበር ነበር፤ እሱ ለሠራተኛዋ የሚቀርበውን ያዘ። «ሂሳብ የሚከፍተው ማነው?» አለች ሠራተኛዋ። «እሷ ናት» አለ። ሠራተኛዋ መታወቂያውን ተቀብላ ሙሉ ስሟን ከነአያቷ ጮክ ብላ አነበበችው። ሚጢ ስሟን እንዲህ ተዘርግቶ የሰማችው ትምህርት ቤት ውጤት ሲነገር ነበር፤ እዚህ ከተማ ውስጥ ግን ማንም እንዲህ ጠርቷት አያውቅም። «አቤት» አለች። ሠራተኛዋ ፈገግ ብላ መታወቂያውን ለኮፒ ላከችና ከኮምፒውተሩ ጋር በተያያዘች ትንሽ ካሜራ ፎቶ አነሣቻት።

ጥያቄው ብዙ ነበር። የትውልድ ቀን፣ የእናት ሙሉ ስም፣ የመኖሪያ አድራሻ፣ የጋብቻ ሁኔታ፣ ሥራ፣ የገቢ ምንጭ፣ በወር በአማካይ ምን ያህል ይገባል። ሚጢ የእናቷን ስም ራሷ ተናገረች። የቀረውን ሁሉ «ነጋዴ ናት»፣ «ኮሚሽን ነው»፣ «እንደ ገበያው ነው» እያለ የመለሰው እሱ ነው። ሠራተኛዋ ጣቶቿን ከፊደሎቹ ላይ ሳታነሣ ሁለት ጊዜ ሚጢን ቀና ብላ አየቻት። ሁለቱንም ጊዜ ሚጢ ወደ ጠረጴዛው አየች። «ስልክ ቁጥር?» ስትባል ግን ሳታስበው የራሷን ተናገረች፤ በቃሏ የምታውቀው ብቸኛ ቁጥር ነው። ደላላው «የእኔን ያዢው፣ የእሷ ስልክ ስብርብሩ ወጥቷል» አለ። «ይሠራል?» አለቻት ሠራተኛዋ ለሚጢ። «ይሠራል» አለች ሚጢ። «እንግዲያው የሂሳቡ ባለቤት ቁጥር ይሁን። ገንዘብ በገባና በወጣ ቁጥር መልእክት የሚደርሳት ለእሷ ነው» ብላ ጻፈችው። ደላላው የራሱን ስልክ አንሥቶ በሞባይል መላክና መቀበልስ አይከፈትላትም ወይ ሲል ጠየቀ። ሠራተኛዋ ቁጥሩ በማን ስም እንደወጣ አጣርታ፣ ሲም ካርዱ በእህቷ ስም ስለሆነ ወደ ራሷ ስም እስካላዞረችው ድረስ የሞባይሉን አገልግሎት መክፈት እንደማይቻል ነገረችው። ምላሱን በጥርሱ መሃል ይዞ ቁልፎቹን ከአንዱ ኪስ ወደ ሌላው አዛወረ።

ፊርማ ላይ ተቸገረች። የናሙና ካርድ የሚባል ነገር ቀረበላትና በሦስት ቦታ አንድ ዓይነት አድርገሽ ፈርሚ ተባለች። የመጀመሪያዎቹ ሁለቱ ተመሳሰሉ፤ ሦስተኛው ላይ የስሟ የመጨረሻ ፊደል ጅራት አወጣ። ሠራተኛዋ ካርዱን ቀድዳ ሌላ ሰጠቻት። «አይዞሽ፣ ሁሉም ሰው እንዲህ ነው። ግን ያው መሆን አለበት። ነገ ብዙ ገንዘብ ልታወጪ ስትመጪ የምናመሳክረው ከዚህ ጋር ነው።» ከዚያ ውሉን ወደ እሷ አዞረችውና በእስክሪብቶዋ ጫፍ አንዱን መስመር አሳየቻት። «ሂሳቡ ያንቺ ነው ማለት በዚህ ሂሳብ የሚገባውና የሚወጣው ገንዘብ ሁሉ ያንቺ ነው ማለት ነው። የሌላ ሰው ገንዘብ ቢገባ፣ ጥያቄ ቢመጣ፣ ፖሊስም ቢሆን ፍርድ ቤትም ቢሆን የሚጠይቀው አንቺን ነው። ገባሽ?» ደላላው «ገብቷታል፣ የተማረች ናት» አለ። ሠራተኛዋ መልሱን ከሚጢ ጠበቀች። አሁን መናገር ይቻል ነበር። ከጎኗ ያለው ጉልበት ጉልበቷን ይነካል፤ ማታ የምትመለስበት ቤት የዚህ ጉልበት ባለቤት ቤት ነው፤ እህቷም እዚያው ናት፣ ከነሕፃኗ። «ገብቶኛል» አለችና ፈረመች።

የመክፈቻውን ገንዘብ ገንዘብ ያዡ ጋ ሄዳ ራሷ ማስገባት ነበረባት። ደላላው ብሮቹን ከኪሱ አውጥቶ በእጇ አስያዛት፤ በመስታወቱ ቀዳዳ ሰጠች፣ ማሽኑ ፍርፍር አድርጎ ቆጠራቸው፣ የሂሳብ ቁጥሯ ያለበት ደረሰኝ ወጣ። ደረሰኙንም እሱ ያዘው። ሲመለሱ ሠራተኛዋ የታሸገ ፖስታ ከመሳቢያ አወጣች። ካርዱ ሰማያዊ ነበር፤ አንድ ጠርዙ ላይ ወርቃማ ቺፕ አለው፣ መሃሉ ላይ ረጅም ቁጥር ተደርድሮበታል። ሚጢ ስሟን ፈለገችው። «ወዲያውኑ የሚሰጠው ካርድ ላይ ስም አይጻፍም፤ ስም የተጻፈበት ከፈለግሽ አዝዘሽ ትጠብቂያለሽ» አለች ሠራተኛዋ፤ ከኋላው ነጩ መስመር ላይ አስፈረመቻት። የሚስጥር ቁጥሩ ግን በሌላ ወረቀት ታትሞ ለብቻው ታሽጎ ነበር። «ይኼንን እኔም አላውቀውም። ማሽኑ ጋ ሄደሽ ወረቀቱን ትቀድጅና ቁጥሩን አንዴ ታስገቢዋለሽ፣ ከዚያ በራስሽ አራት ቁጥር ትቀይሪዋለሽ፤ አዲሱን ሁለቴ አንድ ዓይነት ካላስገባሽ ማሽኑ አይቀበልሽም። ወረቀቱን ቀዳደሽ ጣይው። ከካርዱ ጋር በአንድ ቦርሳ እንዳታስቀምጪው። ለማንም አትንገሪ፤ የባንክ ሠራተኛ ነኝ ብሎ ቢደውልልሽም፣ ወንድምም ቢሆን፣ ባልም ቢሆን። ስታስገቢ በሌላው እጅሽ ሸፍኚው።» «ሦስት ጊዜ ከተሳሳትሽ ይቆለፋል» ብላም ቀጠለች፤ «ለማስከፈት ራስሽ መታወቂያሽን ይዘሽ እኛ ጋ መምጣት ነው፤ ሌላ ሰው ቢመጣ አንሰጥም። በማሽኑ በቀን የምታወጪው ገደብ አለው፤ ከዚያ በላይ ከሆነ ደግሞ እዚሁ መስኮት ላይ በፊርማሽ ነው።» ደላላው ይህን ሁሉ ሲሰማ ከሚጢ ይበልጥ በጥሞና ያዳምጥ ነበር።

ማሽኑ ከቅርንጫፉ በር ውጭ፣ በግድግዳው ውስጥ ተቀብሮ ቆሟል። ወደዚያ ሲሄዱ ጆሮዋ ስር «የእኔን ስልክ የመጨረሻ አራት ቁጥሮች አድርጊው» አላትና ቁጥሮቹን ሁለቴ ነገራት። አብሯት ሊጠጋ ሲል ግን ጥበቃው በዱላው መሬት ላይ ወደተሰመረው ቢጫ መስመር ጠቆመ። «ጌታው፣ ከመስመሩ ኋላ። አንድ በአንድ ነው።» ደላላው ወደ ኋላ ተመለሰ። ሚጢ ብቻዋን ከማሽኑ ፊት ቀረች። ካርዱን አስገባች፤ ማሽኑ መልሶ ተፋው። ጥበቃው ሳይጠጋ ከቆመበት «ቺፑ ወደ ላይ፣ ወደ ፊት» አላት። ገባ። ቋንቋ ምረጡ አላት፣ መረጠች። የታሸገውን ወረቀት ጠርዞቹን ይዛ ቀደደችና በውስጡ የታተሙትን አራት ቁጥሮች ግራ እጇን ከላይ እንደ ጣሪያ ዘርግታ አንድ በአንድ ተጫነች። ስክሪኑ ላይ በየቁጥሩ ፋንታ ኮከብ ታየ። አዲስ የሚስጥር ቁጥር ያስገቡ አላት።

የነገራትን ቁጥር ታውቀዋለች፤ ገና ጆሮዋ ላይ አለ። ጣቷ የመጀመሪያው ቁጥር ላይ አርፎ ቆየ። ከኋላዋ ቁልፎቹ ሲንቀጫቀጩ ሰማች። ሌላ ቁጥር ተጫነች። ለምን እንደሆነ ያኔ ብትጠየቅ አትመልስም ነበር፤ አስባ አላደረገችውም፣ ተሳስታም አላደረገችውም። ማሽኑ በድጋሚ ያስገቡ ሲላት ያንኑ ደገመችው። ተቀይሯል አለ። ቀሪ ሂሳቧን ተመለከተች፤ ከዚያ ሠራተኛዋ ለልምምድ ያህል አውጪ ስላለቻት ትንሿን መጠን መርጣ ጠበቀች። ማሽኑ ሆዱ ውስጥ የሆነ ነገር አገላበጠና መጀመሪያ ካርዱን፣ ቀጥሎ ብሩን፣ በመጨረሻ ደረሰኙን ሰጣት። ቦርሳዋ ውስጥ ስልኳ ነዘረ። ደላላው ከመስመሩ ኋላ «ሆነ?» አላት። «ሆነ።» «የነገርኩሽን?» «አዎ ጋሼ።» እጁን ዘረጋ። ካርዱን ሰጠችው፣ ብሩንም ሰጠችው። የተቀደደውን ወረቀት ጥበቃው አጠገብ ያለው ቅርጫት ውስጥ በትናንሹ ቀዳድዳ ጣለች።

ወደ ቤት ሲመለሱ ታክሲው ውስጥ ደላላው ስልክ ደወለ። ከደረሰኙ ላይ የሂሳብ ቁጥሩን እያነበበ፣ ከዚያ የሚጢን ስም ከነአያቷ ፊደል በፊደል እየዘረዘረ ለማታውቀው ሰው ሲናገር ሰማችው። «የሥራ ባልደረባዬ ናት፣ አታስቢ። የሦስት ወሩን ኪራይ ዛሬ ካላስገባሽ ቤቱን ሌላ ሰው ይወስደዋል፣ ሰልፍ ነው ያለው። ገብቷል ስትይኝ ቁልፍ እሰጥሻለሁ።» ስልኩን ሲዘጋ ፊቱ ፈታ አለ። ለሕፃኗ ብስኩት እንድትገዛ ሳንቲም ሰጣትና መታጠፊያው ላይ አውርዷት ሄደ።

ከሰዓት በኋላ ጨርቅ ስታሰጣ ስልኳ የልብሱ ቅርጫት ውስጥ ነዘረ። እጇን በቀሚሷ ጠርጋ ከፈተችው። በሂሳብዎ ይህን ያህል ብር ገቢ ሆኗል ይላል፤ ከስሩ የላኪዋ ስም ተጽፏል፣ የሴት ስም። ቁጥሩን አሃድ አሥር መቶ እያለች ከኋላ ወደ ፊት አነበበችው። አባቷ በአንድ ዓመት ያየው ሁሉ ቢደመር እዚህ አይደርስም። መልእክቱን ዘጋች፣ እንደገና ከፈተች፤ የሴትየዋን ስም ነበር የምታየው። ምን እንደምትመስል ለመገመት ሞከረች፤ የመጣላት ግን ስልኩን በትከሻዋና በጆሮዋ መሃል ይዛ ዕቃ የምታሽግ ሰው ነበር። ጨርቁን አሰጥታ ሳትጨርስ ሌላ መልእክት መጣ፦ የሚስጥር ቁጥር በተደጋጋሚ በስህተት ስለገባ ካርድዎ ታግዷል፣ እባክዎ በአካል ወደ ቅርንጫፍ ይቅረቡ። የተገለበጠው ባልዲ ላይ ተቀመጠች።

ደላላው ሲመጣ በሩን የከፈተችለት እሷው ናት። አልጮኸም። ሳሎኑ ውስጥ ሶፋው ጫፍ ላይ ተቀመጠና ካርዱን ጠረጴዛው ላይ፣ የሕፃኗ ጡጦ አጠገብ አኖረው። እህቷ ሕፃኗን ታቅፋ በሩ መቃን ላይ ቆመች። «ምን ቁጥር ነው ያስገባሽው?» «ያሉኝን፣ ጋሼ።» «ያልኩሽን አስገብቼ እኮ ነው የተቆለፈው።» «እንግዲያ ተሳስቼ ይሆናል።» «ሁለት ጊዜ አንድ ዓይነት ስህተት ካልተሳሳትሽ ማሽኑ አይቀበልሽም» አለ፤ ጠዋት በደንብ አዳምጦ ነበር። ረጅም ጊዜ አያት፤ ከዚህ በፊት በደንብ አይቷት የማያውቅ ይመስል ነበር። «ደህና» አለ በመጨረሻ፤ «ነገ ጠዋት አብረን እንሄዳለን። ትፈርሚና በመስኮት ታወጪዋለሽ፣ ሁሉንም። ከዚያ ካርዱን ያድሱልናል።» ቦርሳዋን ከወንበሩ ላይ አንሥቶ መታወቂያዋን አወጣና ደረት ኪሱ ውስጥ ከተተው። «እኔ ጋ ይደር፣ እንዳይጠፋብሽ።» ስልኳንም ጠየቃት። ሰጠችው፤ መልእክቶቹን አንብቦ ገንዘብ መግባቱን የሚናገረውን አጠፋና መለሰላት። ከዚያ አንድ ሰው ልይ ብሎ ወጣ።

እህትማማቾቹ ኩሽና ውስጥ ቀሩ። አንዷ ታጥባለች፣ አንዷ ታደርቃለች፤ ሕፃኗ በእህቷ ጀርባ ላይ ታዝላ እንቅልፍ ወስዷታል። ኩሽናው ለሁለት ሰው ጠባብ ስለሆነ አንዷ ስትዞር ሌላዋ ግድግዳው ላይ መለጠፍ አለባት። ብዙ ሳህን ከታጠበ በኋላ እህቷ ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ «ስሟን አየሽው? የከፈለችዋን?» አለች። «አየሁት።» «ያ የሚያከራየው ቤት እኮ ሰው አለበት። ከክረምት ጀምሮ የተከራየ ነው። ይቺኛዋ ስንተኛዋ እንደሆነች እኔም አላውቅም። የፊተኞቹ ናቸው ከስሰው የእሱን ሂሳብ ያሳገዱት።» ሚጢ የያዘችውን ብርጭቆ አስቀመጠችው። «ጠዋት ታውቂ ነበር?» እህቷ የሳሙናውን አረፋ ከክንዷ ላይ ጠረገች። «አውቅ ነበር።» ይቅርታ አላለችም፣ ሰበብም አልደረደረችም፤ የቤት ኪራዩን ማን እንደሚከፍል፣ ሕፃኗ ስትታመም ሐኪም ቤት ማን እንደሚወስዳት፣ ወደ ገጠር በየወሩ የሚላከው ከየት እንደሚመጣ ሁለቱም ያውቁታል። እህቷ ወደ ገጠር የምትልከው ገንዘብ በመነሻው የእነማን እንደነበረ ግን ሚጢ ያወቀችው አሁን ነው። በመስኮቱ ከጎረቤት ቤት የዜና ድምፅ ይገባ ነበር።

«ባንክ ጠረጴዛዋ ጋ ያለችው ልጅ ብቻዬን ብትጠይቀኝ ኖሮ...» አለች ሚጢ፤ አልጨረሰችውም። ሚጢ ጠጋ አለች፤ ቀኑን ሙሉ ውስጧ የያዘችው ነገር ከብዷት ነበርና ለአንድ ሰው ብታካፍለው የሚቀል መሰላት። «እትዬ፣ ቁጥሩን ልንገርሽ። ያስገባሁት እኮ...»

«አትንገሪኝ» አለች እህቷ። እጇን ከውሃው ሳታወጣ ነበር የተናገረችው። «ለእኔም አትንገሪኝ። ከጠየቀኝ እነግረዋለሁ።»

ሚጢ አየቻት። እህቷ አንገቷን አላቀናችም፤ ጀርባዋ ላይ ያለችው ሕፃን ብቻ ጭንቅላቷን ከአንድ ትከሻ ወደ ሌላው አዞረች። ከዚያ ሁለቱም የቀረውን ሳህን አጥበው አደረቁ፣ ማጠቢያውን አፈሰሱ፣ ጨርቁን ጨምቀው ምስማሩ ላይ ሰቀሉት። የውጭው በር ሲንኳኳ እህቷ እጇን በቀሚሷ ጠርጋ «ተይው፣ ዛሬ እኔ ልክፈት» ብላ ሕፃኗን እንዳዘለች ወጣች። ሚጢ በሩ ሲከፈት ሰማች፤ ቀጥሎም የሰውዬውን ዝቅ ያለ ድምፅ፣ «ነገረችሽ?» ሲል።

«አልነገረችኝም» አለች እህቷ። እውነቷን ነበር።